512 ጊጋባይት የተባለው ስልክ 16 ብቻ ሲሆን፦ ሐሰተኛ ስልክን ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይለያሉ?

በናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና በተደረደሩት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ስልክ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ማሸጊያውንና ስክሪኑን። ስልክ የሚያስመስሉ አምራቾችም በብዛት የሚለፉት በእነዚሁ ላይ ነው።

በአውሮፓውያኑ 2012 የኬንያ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሐሰተኛ ስልኮችን ከኔትዎርክ አስወጥቶ ነበር። ስልኮቹ የተለዩት በአይኤምኢአይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ ባለው ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ዛሬም `*#06#` ሲደውሉ የሚመጣው ቁጥር በማሸጊያው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ስልኩን ባይገዙ ይመረጣል። ቢመሳሰል ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ተቀድቶ ሊገባበት ይችላልና።

ስልኩ ስለ ራሱ የሚለው

ሻጩ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ፣ 512 ጊጋባይት ነው ብሎ አንድ ስልክ ሰጠዎት እንበል። ሴቲንግ ውስጥም 512 ተብሎ ተጽፏል። ይሁንና ያ ገጽ የሚያሳየው ሶፍትዌሩን የጫነው ሰው የፈለገውን ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ CPU-Z የተባለውን መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ጭነው የስልኩን ቺፕ ይመልከቱ። የእውነተኛው ኤስ23 አልትራ ቺፕ ስናፕድራገን ነው። በምትኩ MT6580 የሚል ካነበቡ ነገሩ ያበቃለታል። ይህ ርካሽ ቺፕ ከ3ጂ በላይ አይሠራም፤ በስክሪኑ አናት ላይ የሚታየው የ5ጂ ምልክትም ሥዕል ብቻ ነው ማለት ነው። ሆኖም አንዳንድ አስመሳዮች ይህን መተግበሪያም ስለሚያታልሉ በዚህ አይቁሙ።

ማኅደሩን በመሙላት መፈተን

ለማታለል የሚያስቸግረው ማኅደሩን በትክክል መሙላት ነው። 32 ጊጋባይት ያህል ቪዲዮ የያዘ ፍላሽ ስልኩ ላይ ሰክተው ሁሉንም ይገልብጡ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። የስልኩ እውነተኛ መጠን 16 ጊጋባይት ከሆነ፣ ሴቲንጉ ገና ብዙ ባዶ ቦታ እንዳለ እያሳየ ግልበጣው መሐል ላይ ይቋረጣል።

ግልበጣው ቢጠናቀቅም መጀመሪያ የገቡትን ቪዲዮዎች ከፍተው ይዩ። አንዳንድ ማኅደር ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ ስሙ ይቀራል፣ ቪዲዮው ግን አይከፈትም። የብዙ ገዢዎች ፎቶዎች ከወራት በኋላ የሚጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

ፈተናው ወሰን አለው። 32 ጊጋባይት መያዙ 512 መሆኑን አያረጋግጥም፤ 64 የሆነ ስልክም ያልፈዋል።

በእጅ የሚታወቀው

በመጨረሻ ብዕሩን ያውጡ። የእውነተኛው አልትራ ብዕር ስክሪኑን ሳይነካ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዳለ ጠቋሚ ነጥብ ያሳያል። የሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ ተራ ፕላስቲክ ነው።

ሻጩ ይህን ሁሉ ለመፈተን ጊዜ ካልሰጠዎት፣ ገንዘቡን በኤም-ፔሳ አይላኩ።