ካርዱ አልሠራ ላለው ደንበኛ ምን ብለን እንጻፍ?

አንዲት እናት ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱበትን ቲኬት ከአንድ የጉዞ ወኪል ድረ ገጽ ሊገዙ ነው እንበል። ዋጋው 1,480 ዶላር ነው። በዴቢት ካርዳቸው ለመክፈል ሞከሩና «ክፍያው አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ አሁንም እምቢ አለ። የባንካቸውን አፕ ሲከፍቱ ግን 1,480 ዶላር ሁለት ጊዜ ከሂሳባቸው ጎድሎ አዩ። ደንግጠው ለወኪሉ ጻፉ፦ «ገንዘቤን ሁለቴ ወስዳችሁ ቲኬት አልሰጣችሁኝም።»

ለእኚህ እናት የሚጻፈው መልስ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ነገር ግን ደንበኛዋ ቲኬቱን ይግዙ ወይስ እምነታቸው ተሸርሽሮ ይሂዱ የሚወስነው ያ አጭር ጽሑፍ ነው። ጥሩ መልስ ለመጻፍ ደግሞ ከጨዋ ቃላት በፊት በትክክል የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ ሙከራዎች ምን ሆኑ?

በካርድ የሚከፈል ገንዘብ ከሂሳብ ወደ ሻጩ በአንድ እርምጃ አይሄድም። መጀመሪያ የሻጩ ሥርዓት ባንኩን «ይህ ካርድ 1,480 ዶላር መክፈል ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ ከፈቀደ ያን ያህል ገንዘብ ለሻጩ ለይቶ ይይዘዋል። ገንዘቡ በእርግጥ የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ሻጩ ሽያጩን ሲያጸና ነው። የተያዘ ገንዘብ ከባለቤቱ ሂሳብ ባይወጣም ባለቤቱ ሊያዝበት አይችልም። በአፕ ላይ ለሚያየው ሰው የተወሰደ ይመስላል።

አሜሪካ ውስጥ ባንኩ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ ደንበኛው የጻፈው የቤት ቁጥርና ዚፕ ኮድ በባንኩ መዝገብ ካለው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ። ይህ በሌላ ሰው ካርድ የሚገዙ ሌቦችን ለመያዝ የተዘጋጀ ማጣሪያ ነው። ባንኩ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ይመልሳል። ስለ ገንዘቡ «ፈቅጃለሁ» ሊል ይችላል፤ ስለ አድራሻው ደግሞ የቤት ቁጥሩም ዚፕ ኮዱም አይመሳሰሉም ለማለት N የሚል ፊደል ይልካል። ብዙ ሻጮች ሥርዓታቸውን N ሲመጣ ሽያጩን እንዲያቆም አድርገው ያዘጋጁታል። በዚህ ጊዜ ሽያጩ ይቆማል፤ ባንኩ የያዘው ገንዘብ ግን እንደተያዘ ይቆያል።

በእኚህ እናት ላይ የደረሰው ይህ ነው። በቅርቡ ከቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቤት ቀይረዋል። የባንኩ መዝገብ የድሮውን ዚፕ ኮድ 22304 ይዟል፤ እሳቸው የሞሉት አሁን የሚኖሩበትን 20910 ነው። የጻፉት እውነት ነው። በሂሳባቸው 3,900 ዶላር ነበራቸው። የመጀመሪያው ሙከራ 1,480 አስያዘ፤ ሁለተኛውም ሌላ 1,480። ሊያዙበት የሚችሉት 940 ዶላር ብቻ ቀረ። ሦስተኛው ሙከራ ሲመጣ ባንኩ 51 የሚል ኮድ መለሰ። ትርጉሙ በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው።

የተለመደው መልስ

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛው ማያ ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ሙከራ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ውድ ደንበኛ፣ ሂሳብዎ በቂ ገንዘብ ስለሌለው ክፍያዎ ውድቅ ተደርጓል። የካርድዎን መረጃ በትክክል ሞልተው እንደገና ይሞክሩ። ለተጨማሪ ማብራሪያ ባንክዎን ያነጋግሩ።»

አጻጻፉ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ይዘቱ ግን ይጎዳል። ገንዘብ ያላቸውን ሰው ገንዘብ የለዎትም ይላል። በእኛ ማኅበረሰብ የብዙ እናቶችን ኢሜይል የሚያነብላቸው ልጅ ወይም ዘመድ ስለሆነ፣ ነገሩ በሌላ ሰው ፊት ማሳፈርም ይሆናል። «በትክክል ሞልተው» የሚለውም ተሳስተዋል ማለት ነው። «እንደገና ይሞክሩ» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምክር ነው፤ የተያዘው ሳይለቀቅ ቢሞክሩ እንደገና 51 ይመጣል፤ ሂሳባቸው ላይ ገንዘብ ቢጨምሩም አድራሻው እስካልተስተካከለ ድረስ ሌላ 1,480 ዶላር ይያዝባቸዋል። ባንኩን ቢጠይቁም «እኛ ፈቅደናል፤ ያቆመው ሻጩ ነው» ይባላሉ። የጻፉበት ዋና ጉዳይ፣ ሁለት ጊዜ የጎደለው ገንዘብ፣ አንድም ቃል አልተባለበትም።

ከመጻፍ በፊት የሚሠራ ሥራ

ሠራተኛው የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ሙከራዎች በቅደም ተከተል ማየት አለበት። N፣ N፣ ከዚያ 51 ሲያገኝ ነገሩ ይገለጥለታል፤ መነሻው አድራሻው ነው፣ 51 የሁለቱ እገዳ ውጤት ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን የቆሙ ክፍያዎች ራሱ ይሰርዛቸዋል፤ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ቮይድ ማድረግ ይሉታል። ይህ ትእዛዝ ለባንኩ «የያዝክልኝን ልቀቅ» የሚል መልእክት ያደርሳል። አንዳንድ ባንክ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ አንዳንዱ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል። ትእዛዙ ካልተላከ ገንዘቡ የሚለቀቀው የእገዳው ጊዜ ራሱ ሲያልቅ ነው። በመጨረሻም መቀመጫው በዚያ ዋጋ እስከ መቼ እንደሚቆይ ያጣራል። ይህን ሁሉ ጨርሶ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ነገር አለው።

የተሻሻለው መልስ

«ጤና ይስጥልን ወይዘሮ …፣

ከሂሳብዎ ወደ እኛ የገባ ገንዘብ የለም። በባንክዎ አፕ ላይ ሁለት ጊዜ የሚታየው 1,480 ዶላር ባንክዎ ለጊዜው የያዘው ነው። ሁለቱም እንዲለቀቁ ዛሬ ጠዋት ትእዛዝ ልከናል፤ እንደ ባንክዎ አሠራር ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ክፍያው ያላለፈው በገጻችን ላይ የተሞላው አድራሻና ባንክዎ የመዘገበው አድራሻ ስላልተመሳሰሉ ነው። ቤት በቅርቡ ለቀየረ ሰው ይህ ያጋጥማል።

ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው። የተያዘው ገንዘብ መለቀቁን ካዩ በኋላ እንደ ወትሮው ወደ ድረ ገጻችን ገብተው ባንክዎ የሚያውቀውን አድራሻና ዚፕ ኮድ ሞልተው ይክፈሉ። እስከዚያ አይሞክሩ።

መቀመጫዎ በዚሁ ዋጋ እስከ ዓርብ፣ በዋሺንግተን ሰዓት ከቀኑ 5 ፒኤም ድረስ ተይዞልዎታል። ሐሙስ ድረስ ገንዘቡ ካልተለቀቀ ይደውሉልን፤ ሌላ መንገድ አብረን እንፈልጋለን። ሦስቱንም ሙከራ አይቻለሁና ከመጀመሪያው ማስረዳት አያስፈልግዎትም።

የካርድ ቁጥርዎን በኢሜይልም ሆነ በጽሑፍ መልእክት አይላኩልን።»

ከሥሩ የጻፈው ሠራተኛ ስምና የስልክ ቁጥር ይገባል።

ምኑ ተለወጠ?

መልሱ የሚጀምረው ደንበኛዋን እንቅልፍ ከነሳቸው ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ስለ ዚፕ ኮድ የሚነገረውን ልብ ብሎ አያነብም። ምክንያቱ ሲነገርም ማንም ተከሳሽ አይደለም፤ ሁለት አድራሻዎች አልተመሳሰሉም፣ በቃ። ይህ ለጨዋነት ሲባል የተሸፋፈነ ነገር ሳይሆን በእርግጥ የሆነው ነው።

ድርጅቱ የሚሠራውን ራሱ ሠርቶ ስለጨረሰ ለደንበኛዋ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። «እስከዚያ አይሞክሩ» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሦስተኛ እገዳ እንዳይፈጠር ትከላከላለች። የሰዓቱ አጻጻፍም ታስቦበታል። በሁለት የሰዓት አቆጣጠር መካከል ለሚኖር አንባቢ «ማታ 12 ሰዓት» ብቻ ቢጻፍ አንዱ ከምሽቱ መግቢያ፣ ሌላው እኩለ ሌሊት ነው ብሎ ይረዳል። በዚህ ልዩነት መቀመጫ ሊያመልጥ ይችላል።

መልሱ ውስጥ የሚጫን ሊንክ የለም። «ክፍያዎ አልተሳካም፣ እዚህ ይጫኑ» የሚለው አጭበርባሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት መልእክት ነው። ደንበኛው በሚያውቀው መንገድ ራሱ እንዲገባ መንገር ለእሱም ለድርጅቱም ደኅንነት ይበጃል።

ምክንያት የማይነገርበት ጊዜ

ሁሉም ምክንያት ለደንበኛ አይገለጽም። ባንኩ 41 ወይም 43 ብሎ ከመለሰ ካርዱ ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ ተመዝግቧል ማለት ነው። መልእክቱን የሚያነበው ሌባው ሊሆን ስለሚችል «ክፍያው አላለፈም፤ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ባንኩን ያነጋግሩ» ማለት ይበቃል።

05 ሲመጣ ባንኩ ምክንያት ሳይሰጥ አልፈቅድም ብሏል፤ ስለዚህ ሠራተኛውም መገመት የለበትም። እዚህ ላይ ወደ ባንክ መደወል ይጠቅማል፤ ደንበኛው ግን ምን እንደሚል ይነገረው፦ «ማክሰኞ ጠዋት ለጉዞ ወኪል 1,480 ዶላር ልከፍል ስል ቆሟል፤ የሞከርኩት እኔ ነኝ፣ ፍቀዱልኝ።» 51 ገና በመጀመሪያው ሙከራ ከመጣ ደግሞ «ባንክዎ ክፍያውን አሁን አልፈቀደም፤ በሌላ ካርድ ወይም በሌላ ቀን መክፈል ይችላሉ» ማለት በቂ ነው። የሂሳቡን መጠን ባለቤቱ ያውቀዋል፤ እኛ ልናነሳበት አይገባም።

የመልሱ ጥራት የሚለካው ደንበኛው ቀጥሎ በሚያደርገው ነው። መልሱን አንብቦ በአንድ ሙከራ ከከፈለ መልሱ ሠርቷል። «ገንዘቤስ?» ብሎ እንደገና ከጻፈ አልሠራም። የድርጅት ኃላፊዎች ሆይ፣ ባለፈው ሳምንት የላካችኋቸውን እንዲህ ያሉ መልሶች አውጥታችሁ በዚህ መለኪያ አንብቧቸው። ሠራተኞቻችሁም ሁሉንም ሙከራ የማየትና እገዳ የመሰረዝ ሥልጣን ይኑራቸው፤ ያለዚያ የተሻለ መልስ ጻፉ ብሎ ማዘዝ ፍሬ የለውም።