ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰው ቢራ

አንድ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር አራት ጠርሙስ ቢራ ጠጥቶ 5 ሰዓት ላይ ተኛ እንበል። ገና ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ግን አፉ ደርቆ፣ ልቡ እየመታ፣ ላብ አጥምቆት ይነቃና እስኪነጋ ሲገላበጥ ያድራል። ጠዋት ላይ «ቢራው ባይኖር ኖሮ ጭራሽ አልተኛም ነበር» ይላል። እንቅልፉን ያመጣለትም የነጠቀውም ያው ቢራ ነው።

አልኮል ጋባ የተባለውን አንጎልን የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል፤ ግሉታሜት የተባለውን የሚያነቃቃውን ደግሞ ያፍናል። እንቅልፍ ቶሎ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ጥልቁ እንቅልፍ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። በእንግሊዝ የእንቅልፍ ሐኪም የነበሩት ኢርሻድ ኢብራሂም ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀደምት ጥናቶችን መርምረው በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን እንቅልፉ እንደሚቆራረጥ ያሳያል።

ለምን በሁለተኛው? ሒሳቡ ቀላል ነው። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ አራቱ 52 ግራም ይሆናሉ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከሰው ሰው ቢለያይም በግምት 8 ግራም ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረው መጠጥ ከደም ተጠርጎ የሚያልቀው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ አንጎል የአልኮሉን ጫና ለመቋቋም የማነቃቂያ ኃይሉን ሲያጠነክር ይቆያል። አልኮሉ ሲያልቅ የሚጫነው ነገር ይጠፋል፤ ማነቃቂያው ግን እንዳለ ይቀራል። ልብ የሚመታው፣ እንቅልፍም ስስ የሚሆነው ያኔ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ታፍኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍም ብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ ስለሚመጣ ቅዠት ይበዛል።

በዚህ ላይ አልኮል ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዝዘውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ሽንት ያመላልሳል። የጉሮሮን ጡንቻዎችም ስለሚያላላ ማንኮራፋት ይብሳል፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ መቋረጡ ይበረታበታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ልማዱ ነው። ለእንቅልፍ ሲባል በየምሽቱ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደውና የማስተኛት ኃይሉ ይዳከማል። የቀድሞውን ያህል ለመተኛት መጠኑን መጨመር ይጀምራል፤ የሌሊቱ መቆራረጥ ግን አብሮት ይቀጥላል።

ይህ ሰው መጠጡን ቀንሶና ቀደም አድርጎ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት በአንድ ቢራ ቢያበቃ ኖሮ አልኮሉ ከመተኛቱ በፊት አብዛኛው በወጣለት ነበር። አልኮልን ከእንቅልፍ ክኒን ጋር መውሰድ ትንፋሽን ሊያፍን ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰውም በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ እስከማስነሳት ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር።