ጥያቄ የማያስነሳ የፈቃድ ቅጽ

በአነስተኛ ቢሮዎች የተለመደው የፈቃድ ቅጽ «ከ… እስከ… ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» ይልና ለፊርማ ቦታ ይተዋል። ቅጹ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ስልኩ ይነሳል። «ስንት ቀን ቀርቶሃል? ቅዳሜስ ይቆጠራል? ሥራህን ማን ይይዝልሃል?»

አንድ ሠራተኛ ከዓርብ ጥር 8 እስከ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ፈቃድ ጠየቀ እንበል። በጣት ሲቆጠር 7 ቀን ነው። ሕጉ የዓመት ፈቃድን የሚያሰላው ግን በሥራ ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ ቢሮው ዝግ ነው፤ ሰኞ ጥር 11 ደግሞ ጥምቀት ነው። ስለዚህ ከፈቃዱ የሚቀነሰው 4 ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን በሚሠራ ቢሮ 4 ተኩል ይሆናል። በዚያ ላይ «እስከ 14» ሲባል በ14 ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ክርክር አለ። ቅጹ «ከሥራ የምቀርበት የመጀመሪያ ቀን» እና «ወደ ሥራ የምመለስበት ቀን» ብሎ ቢጠይቅ ሠራተኛው ጥር 8 እና ጥር 15 ብሎ ይሞላል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ የፈቃዱ ዓይነት ይመረጣል። «ምክንያት» የሚለውን መስመር ለዓመት ፈቃድ ባታስገቡት ይሻላል፤ ሰው መብቱን ሲጠይቅ ማስረዳት የለበትም። ለሕመም ግን የሐኪም ማስረጃ መያያዙን የሚገልጽ ቦታ ያስፈልጋል። ተወካዩም ስሙ ብቻ ሳይጻፍ ራሱ ይፈርም፤ አለዚያ ተወክሎ መቅረቱን የሚሰማው ባለጉዳይ ፊቱ ሲቆም ነው።

ብዙ ቢሮ የሚሳሳተው በፊርማው ቅደም ተከተል ነው። ኃላፊው ቀድሞ ይፈርምና ቀሪውን ቀን የሚያውቀው የሰው ኃይል ሠራተኛ በኋላ «ቀን የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገብ ያዡ ይሙላ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ያገኛል። የእኛ ሰው 9 ቀን ወስዶ ከሆነ፣ መዝገብ ያዡ «የነበረው 7፣ የተጠየቀው 4፣ የሚቀረው 3» ብሎ ይፈርማል። ያኔ ኃላፊው የሚወስነው ሥራው ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም የሚለውን ብቻ ነው። አልፈቅድም ካለ ምክንያቱንና የሚመቸውን ሌላ ቀን እዚያው ይጽፋል። በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚሄድም በቅጹ ግርጌ ይታተም፤ ዝምታ እንደ ፈቃድ እንዳይቆጠር።

እያንዳንዱ ቅጽ ተራ ቁጥር ይኑረው። ፈቃዱ ሲራዘም ወይም ሲሰረዝ በዚያው ቁጥር ይጻፍ። በቴሌግራም የተላከ «እሺ» ከሦስት ወር በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ቅጹን ከማባዛታችሁ በፊት ባለፈው ወር የቀረቡትን ጥያቄዎች በአዲሱ ላይ ሞልታችሁ ለኃላፊው ስጡት። አሁንም ስልክ ካነሳ፣ የጠየቀውን ጥያቄ ቅጹ ላይ ጨምሩት።