ደመወዝ የሸፈነው ኪሳራ

ዋሽንግተን አካባቢ የምትሠራ አንዲት ነርስ እናስብ። ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የጡረታ ሂሳቧ 2022ን የጀመረችው በ20,000 ዶላር ነው። በየወሩ አጋማሽ ከደመወዟ 500 ዶላር ይገባበታል፤ ገንዘቡም ሁሉ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስን በሚከተል ፈንድ ላይ ነው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ መግለጫዋን ስትከፍት 19,121 ዶላር አገኘች። ከመነሻው የጎደለው ከመቶ 4 ከምናምን ነውና ብዙም አልደነገጠች። ነርሷንም ሂሳቧንም ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው ናቸው፤ ከታች ያሉት የገበያው ወርኃዊ ውጤቶች ግን የዚያ ዓመት እውነተኛ ቁጥሮች ናቸው።

በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ከደመወዟ 4,500 ዶላር ገብቷል። ያ ሁሉ ገብቶም ሂሳቡ ከመነሻው በታች ነው። ስለዚህ የሂሳቡን አደጋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያስገባውን ገንዘብ ከገበያው ሥራ መለየት አለበት።

ጃንዋሪን እንይ። በ20,000 ተጀምሮ 500 ገባ፤ በወሩ መጨረሻ የተገኘው 19,453 ነው። ገበያው የወሰደው 1,047 ዶላር ነው ማለት ነው። ይህን የምናካፍለው ለ20,000 ሳይሆን ለ20,250 ነው፤ የገባው 500 ገበያው ላይ የቆየው የወሩን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ግማሹን እንቆጥርለታለን። ውጤቱ ከመቶ 5.17 ቅናሽ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀሪውን ብቻ ያነጻጸረ ሰው ግን 2.7 ብሎ ያልፈዋል።

በኤክሴል A ላይ ወሩን፣ B ላይ የገባውን፣ C ላይ የወሩን መጨረሻ ቀሪ እንጻፍ። ሁለተኛው ረድፍ የዓመቱ መነሻ ስለሆነ C2 ላይ 20,000፣ E2 ላይ 100 ይገባል። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ቀመሮቹ እየተሳቡ ይወርዳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ።

```
D3: =(C3-C2-B3)/(C2+B3/2)
E3: =E2*(1+D3)
F3: =E3/MAX(E$2:E3)-1
G1: =STDEV.S(D3:D14)*SQRT(12)
G2: =MIN(F3:F14)
```

E ላይ ያለው፣ በመነሻው የነበረ 100 ዶላር ምንም ሳይጨመርበት የት እንደደረሰ ያሳያል። ወርኃዊ ውጤቶቹን መደመር አይሆንም፤ እያንዳንዱ ወር የሚሠራው ያለፈው ወር ባስቀረለት ገንዘብ ላይ ስለሆነ ይባዛሉ። F ደግሞ እስከዚያ ከታየው ከፍተኛ ቦታ ምን ያህል እንደወረድን ይነግረናል። የነርሷ መቶ ዶላር ሴፕቴምበር ላይ 76.14 ሆኗል። ትልቁ ውድቀት እንግዲህ ከመቶ 24 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ መግለጫዋ ላይ 4 የመሰለው ይኸው ነው። ከዚያ ጉድጓድ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጭማሪ 24 ሳይሆን 31 ከመቶ ነበር፤ በወር መጨረሻ ቁጥሮች መቶውን መልሶ ያለፈውም በዲሴምበር 2023 ነው።

G1 የመዋዠቁን መጠን ይሰጣል፦ ውጤቶቹ ከአማካያቸው በምን ያህል እንደሚርቁ። ለ2022 በወር 6.6 ገደማ ይወጣል፤ በ12 ስኩዌር ሩት ሲባዛ በዓመት ከመቶ 23 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳያዩ መቀበል አይመከርም። ከአሥራ ሁለቱ ወራት ለመዋዠቁ ትልቁን ድርሻ ያዋጣው ከመቶ 9.2 የተተረፈበት ጁላይ ነው። ለቀመሩ ከአማካይ መራቅ መራቅ ነው፤ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይለይም። እኔ ለጡረታ ቆጣቢ አንዱን ቁጥር ምረጥ ብባል ውድቀቱን እመርጣለሁ፤ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በጁላይ ትርፍ አይደለምና።

ውድቀቱም ቢሆን ሂሳቡ በተከፈተበት ቀን ይወሰናል። በጁላይ መጨረሻ እዚያው ፈንድ ውስጥ የገባ ባልደረባዋ በዚያው ሴፕቴምበር የሚያየው ከመቶ 13 ገደማ ብቻ ነው። የሁለቱን ቁጥር አስተያይቶ ጎበዙ እሱ ነው ማለት አይቻልም፤ ለማወዳደር መነሻ ቀኑ አንድ መሆን አለበት።

ከዚህም ሌላ የወር መጨረሻ ቁጥር በወሩ መሃል የሆነውን አያይም። በ2020 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ኢንዴክሱ ከመቶ 34 ገደማ ወርዶ ነበር። ማርች ሳያልቅ ግን ከፊሉን መልሷል። በወር መጨረሻ ቁጥሮች ብቻ የተሰላው የዚያ ጊዜ ውድቀት፣ የትርፍ ድርሻ ተጨምሮበት፣ 20 እንኳ አይሞላም። በማርች ሦስተኛ ሳምንት ተደናግጦ የሸጠ ሰው የሸጠበት ዋጋ ወርኃዊው ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ እሱን የሚያገኘው ከዕለታዊው መዝገብ ነው።