የግሩፑ ስም ለማያውቀው ሰው ነው
በጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ እንበል። «መልካም ጎረቤታሞች» ቢሉት አዲስ ተከራይ የየትኛው ብሎክ እንደሆነ አያውቅም። «ብሎክ 14 ነዋሪዎች፣ ጀሞ 1» ቢሉት ግን ወዲያው ይለየዋል። ረጅም ስም ስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ መለያው ይቅደም።

መግለጫው እስከ 255 ፊደላት ይይዛል። ለማን እንደሆነና ምን እንደሚነገርበት ይናገር፦ «ለብሎክ 14 ባለቤቶችና ተከራዮች። የውሃ፣ የጥበቃና የጽዳት ጉዳይ ብቻ። ማስታወቂያ አይለጠፍም።»

ምስሉ የሚታየው በትንሽ ክብ ውስጥ ስለሆነ የሕንፃው ሙሉ ፎቶ አይለይም፤ ጥግ ላይ ያለ ጽሑፍም ይቆረጣል። በአንድ ቀለም ላይ «14»ን በትልቁ መጻፍ ይሻላል።

አዲስ ገቢዎች «ይህ የየትኛው ብሎክ ነው?» እያሉ ከጠየቁ ስሙ ይታረም፤ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ከበዛ ደግሞ መግለጫው።