ሥራ ላጣ ወዳጅ የሚጻፍ ግጥም

ሥራ ላጣ ወዳጅ የሚጻፍ ግጥም የደረሰውን ጉዳት በስሙ ጠርቶ ይጀምራል፤ ከዚያ ገጣሚው በእርግጥ የሚፈጽመውን ብቻ ቃል ይገባል። ለዚህ የወል ቤት ይመቻል፤ ስንኙ መሐል ላይ ያርፋል፣ በየሐረጉም 6 ቀለም ይይዛል። ለምሳሌ፦

ደመወዝህ ቆሞ፣ ኪራይ ይከፈላል፤
ቅዳሜ ስመጣ፣ ማማረር ይቻላል።

የመጀመሪያው ሐረግ ሲነበብ ደ፣ መ፣ ወ፣ ዝህ፣ ቆ፣ ሞ ተብሎ ይቆጠራል። ቤት መምቻው «ላል» ነው። የፊተኛው ስንኝ ችግሩን አያለዝብም፤ የኋለኛው ቀን ይቆርጣል፣ ለምሬትም ቦታ ይሰጣል። «ነገ የተሻለ ታገኛለህ» ቢባል ግን ልኩም ይሰበራል፣ ገጣሚው በእጁ ያልሆነውንም ይሰጣል። ቀጠሮው ካልተከበረ ደግሞ ግጥሙ ባዶ ማባበያ ይሆናል።