ግራፉ ትክክል ነው፤ ምክንያቱስ? የወሎን ረሃብ የሚመለከት አንድ የኢኮኖሚክስ መልስ እንዴት ይታረማል



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ዓይነት የፈተና ወረቀት ነው። ግራፉ በጥንቃቄ ተሥሏል፤ መሥመሮቹ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ተንቀሳቅሰዋል፤ አዲሱ የሚዛን ነጥብም ቦታውን ይዟል። ከግራፉ በታች ግን «ከግራፉ እንደሚታየው» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም የለም። ኢኮኖሚክስ የምናስተምር ሁሉ ይህን ወረቀት እናውቀዋለን። አንዱ አራሚ «ነገሩ ገብቶታል» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሲሰጥ፣ ሌላው «አላብራራም» ብሎ ግማሹን ይቀንሳል። ሁለቱም ለውሳኔያቸው ምክንያት ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ስሜታቸውን ነው። ከስሜት የተሻለ መሠረት መኖሩን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው እንበል፦ «በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። ዋጋ ሳይንር ሰው እንዴት ሊራብ እንደቻለ በግራፍ አሳዩ፤ ምክንያቱንም አብራሩ።» ጉዳዩን በኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ዘንድ የታወቀ ያደረገው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የሴን መከራከሪያ በአጭሩ፣ ረሃብን ለመረዳት በአገር ውስጥ ስንት እህል አለ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባለው መሬት፣ ከብት፣ ጉልበትና ገንዘብ ስንት እህል በእጁ ማስገባት ይችላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል የሚል ነው።

ትክክለኛው ግራፍ ቀላል ነው። ዝናብ ስለ ቀረ የአቅርቦት መሥመር ወደ ግራ ይሄዳል። የፍላጎት መሥመርም እንዲሁ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለቱ በተቀራራቢ መጠን ከተንቀሳቀሱ ዋጋው ባለበት ይቆያል፤ የሚሸጠውና የሚገዛው እህል ብዛት ግን ይቀንሳል። ተማሪው ይህን ከሣለ ግራፉ እንከን የለውም።

አሁን ግራፉ የማይናገረውን እንመልከት። የፍላጎት መሥመር ወደ ግራ የሄደው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ አንድ ወጥመድ አስቀምጦልናል። በአማርኛ «ፍላጎት» ስንል መሻትንም፣ የሚያስፈልገንንም ማለታችን ነው። የተራበ ሰው የእህል ፍላጎት ቀነሰ ማለት በዕለት ተዕለት አነጋገር ትርጉም አይሰጥም። በኢኮኖሚክስ ግን ፍላጎት ማለት ለመግዛት መሻት ከመግዛት አቅም ጋር ሲጣመር ነው። በወሎ የሆነውም ይኸው ነው፤ መሻት ጨመረ፣ አቅም ወደቀ፣ የገበያ ፍላጎት ቀነሰ። ፈተናውን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪም ብዙ ጊዜ የሚያስበው በአማርኛ ነውና፣ ይህን ልዩነት መጨበጡን ወይም አለመጨበጡን ከመሥመሩ አቅጣጫ ልናውቅ አንችልም። መሥመሩን ወደ ግራ እንዲሥል ክፍል ውስጥ ሰምቶት ይሆናል። ለምን እንደሆነ የሚነግረን ጽሑፉ ብቻ ነው።

ሰንሰለቱን በምሳሌ እንከተለው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኋቸው እንጂ የተመዘገቡ አይደሉም። ገነተ ማርያምን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ከላሊበላ ብዙ የማትርቅ፣ ከዐለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ የምትታወቅ የላስታ ደጋ ናት። በዚያ የሚኖር አንድ ገበሬ በደኅና ዘመን አሥር ኩንታል ገብስ ያገኛል እንበል። ሰባቱን ቤተሰቡ ይበላል፤ ሦስቱን ሸጦ ጨውና ልብስ ይገዛል፣ ግብር ይከፍላል። ዝናብ ሲቀር ሁለት ኩንታል ብቻ አገኘ። ይህ ሰው ያጣው ምግብን ብቻ አይደለም፤ ገቢውንም ነው። ለከተማ ሠራተኛ የእህል መጥፋት ማለት የዋጋ መናር ነው፤ ደመወዙ ግን ይኖራል። ለገበሬው ግን አዝመራው ምግቡም ደመወዙም ነበርና ሁለቱ በአንድ ቀን ጠፉ።

አምስት ኩንታል ጎደለው። በጎች አሉት። በደኅና ጊዜ አንድ በግ ሃያ ብር፣ አንድ ኩንታል ገብስም ሃያ ብር ቢያወጣ፣ አምስት በግ ሸጦ ዓመቱን ይወጣ ነበር። ነገር ግን ጎረቤቶቹም ሁሉ በዚያው ሳምንት በጎቻቸውን ወደ ገበያ ነድተዋል። ሣር የለምና በጎቹ ከስተዋል፤ ገዢም ጠፍቷል። የበግ ዋጋ ወደ አሥር ብር ወረደ። የገብስ ዋጋ አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር አምስቱ በጎች ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ አስገኙ። የጎደለው ግማሹ እንደ ጎደለ ቀረ። ረሃቡ የገባው በእህል ገበያ በኩል ሳይሆን በበግ ገበያ በኩል ነው፤ ተማሪው የሣለው ግራፍ ደግሞ የእህል ገበያ ነው። የነገሩ እምብርት ከግራፉ ውጭ ሆነ ማለት ነው።

የመጨረሻው ቀለበት የነጋዴው ነው። ነጋዴ እህል የሚያመጣው ዋጋ ሲጠራው ነው። በደሴ ዋጋው ካልናረ የሚጠራው ነገር የለም፤ ሌላ ከተማ የተሻለ የሚከፍል ካለ ደግሞ እህል ከተራበው አውራጃ ሊወጣ ይችላል። ሴንም በረሃቡ ወቅት ከወሎ እህል ይወጣ እንደ ነበር የሚጠቁሙ ዘገባዎችን ጠቅሷል።

እንግዲህ «ግራፉን በትክክል ከሣለ ነገሩ ገብቶታል» ለሚለው አስተያየት መልሴ ይህ ነው። ያው አንድ ግራፍ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ታሪኮችን ይቀበላል። በመጀመሪያው ታሪክ ገበሬው ገቢውን ስላጣ መግዛት አልቻለም። በሁለተኛው ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ስለ ተሰደዱ ገዢ አነሰ። በሦስተኛው ገጠሩ ከደሴ ገበያ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ስለሌለው፣ እህሉም ገዢውም ወደ ደሴ አልደረሱም፤ የደሴ ዋጋ ስለ ገነተ ማርያም ዋጋ ምንም አይነግረንም። ይህ ሦስተኛው ተራ ግምት አይደለም። ስቲቨን ዴቨሩ እ.ኤ.አ. በ1988 የወሎን ረሃብ ዳግም ሲመረምር ሴንን ከሞገተባቸው ነጥቦች ጋር የተያያዘ ነው፤ በዋናው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ዋጋ ለሩቁ ደጋ ምስክር ሊሆን ይችላልን?

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መፍትሔው ይለያያልና። መጀመሪያው ታሪክ እውነት ከሆነ ለገበሬው ገንዘብ ወይም የቀን ሥራ ቢሰጠው ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ዋጋም እህል ይጠራል። ሦስተኛው እውነት ከሆነ ግን ገንዘብ ብቻውን አይበላም፤ እህሉን በበቅሎም በመኪናም ተራራው ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ግራፍ ብቻ የሣለ ተማሪ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመክር አልነገረንም። እርሱን ወክለን ታሪኩን ከሞላንለት የምናርመው የራሳችንን መልስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከሃያ ቢታረም ክፍፍሉን ከፈተናው በፊት እንዲህ አደርገዋለሁ። ለግራፉ ስድስት፤ ለምክንያቱ ሰንሰለት አሥር፤ የማስረጃውን ወሰን ለማመልከት አራት። አሥሩ ለአምስት ቀለበቶች እኩል ይከፈላል፦ ምርት መጥፋቱ፣ ከምርቱ ጋር ገቢ መጥፋቱ፣ በመሻትና በመግዛት አቅም መካከል ያለው ልዩነት፣ የከብት ዋጋ ከእህል አንጻር መውደቁ፣ ነጋዴው እህል አለማምጣቱ። አራቱ የደሴ ዋጋ ለገጠሩ ምን ያህል እንደሚመሰክር ለጠየቀ ነው። ዝምተኛው ወረቀት እንግዲህ ስድስት ያገኛል። ስድስቱን ያለ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን በግምት አልጨምርም።

በግራፉ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ግን ይነበባል። ከፍላጎት መሥመሩ ቀስት አጠገብ «አዝመራ ስለጠፋ ገቢ የለም» የሚል ካለ ሁለተኛው ቀለበት ተገኝቷል፤ ሁለት ነጥብ ይገባዋል። ጽሑፉ በየትኛው የወረቀቱ ጥግ እንደ ሰፈረ ለውጥ አያመጣም። ጥርጣሬ ሲገባኝ የማደርገው አንድ ሙከራ አለ፤ ግራፉን በሐሳቤ ወደ ሌላ ጥያቄ አዛውረዋለሁ። ዘንጎቹ «ዋጋ» እና «ብዛት» ብቻ የሚሉ ከሆነና ግራፉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ስለ ቡና ወይም ስለ ሲሚንቶ ሊያገለግል ከቻለ፣ ስለዚህ ረሃብ የተለየ እውቀት አላስመሰከረም። «የገብስ ዋጋ፣ ደሴ፣ 1965» የሚል ግራፍ ግን ተማሪው የትኛውን ገበያ እንደሚመለከት ይነግረናል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሚዛን ይደፋሉ። አንደኛው የቋንቋ ነው፤ ተማሪው ያውቃል፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ ግን ያስቸግረዋል ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህም ለሰዋስው ነጥብ አልቀንስም። አምስት የተሰባበሩ ሐረጎች በቀስት ተያይዘው አምስቱን ቀለበት ካሳዩ አሥሩም ይሰጣል። የምጠይቀው የምክንያትን ቅደም ተከተል እንጂ የቋንቋን ውበት አይደለም። ተማሪውን ለብቻው ጠርቶ በቃል መጠየቅ ግን ለሌሎቹ ያልተሰጠ ዕድል ስለሆነ፣ ለሁሉም ካልተደረገ በቀር አልደግፈውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጥያቄው ነው፤ ይህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጥያቄው «በግራፍ አሳዩ» ብቻ ካለ የተጠየቀው ተመልሷል፤ ሙሉ ነጥብ ሊሰጥ ይገባል። ያልተጠየቀን ነገር በማረሚያ ጊዜ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። «አብራሩ» የሚለው ቃልና የነጥቡ ክፍፍል በፈተናው ወረቀት ላይ መታተም አለባቸው።

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አስተያየትም የዚሁ አካል ነው። «ማብራሪያ ይጎድላል» የሚለው ማስታወሻ ተማሪውን የሚያስተምረው ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ፈተና ግራፉን በቃላት ደግሞ «ፍላጎት ቀነሰ፣ አቅርቦትም ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግራፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው እንጂ ማብራራት አይደለም። እኔ ከፍላጎት መሥመሩ ጎን አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ «የተራበው ሰው ለምን አልገዛም?» ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከስድስት በላይ ያለው ነጥብ ነው።